አንቀጹ ላይ በቀጥታ የሚከፈት ሊንክ፦ ለፒዲኤፍ የገጽ ቁጥር፣ ለድረ ገጽ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? ባሕር ዳር ሆኜ ከጣና ዓሣ አስጋሪ ማኅበራት ጋር ነው የምሠራው። ስለ ዓሣ አዋጁና ስለ መራቢያ ወቅት በቴሌግራም ግሩፓችን ሊንክ እልካለሁ። ሰዎቹ ሲከፍቱት ግን ሁሌም ከመጀመሪያው ገጽ ነው የሚጀምርባቸው። አንቀጹን ፈልገው ሲያጡት ይተዉታል። የምፈልገው ገጽ ላይ በቀጥታ እንዲከፈት፣ ድረ ገጽ ሲሆን ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ እንዲደምቅ ማድረግ ይቻላል ሲሉ ሰምቼ ሞከርኩ። አንዱ ይሠራል፣ አንዱ እምቢ ይላል። ምን እያበላሸሁ ነው?

ምላሽ፦

ሰላም እህቴ። ምናልባት ያበላሸሽው ነገር ላይኖር ይችላል። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ዘዴዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም በየራሳቸው ቦታ ብቻ ይሠራሉ። ፒዲኤፍ በገጽ ቁጥር ይመራል። ድረ ገጽ በቃላቱ ይመራል። አንዱን በሌላው ቦታ ካስገባሽው ዝም ይልሻል። «ተሳስተሻል» የሚል መልእክት እንኳን አይመጣም። ፋይሉ ከላይ ይከፈታል፣ በቃ።

አስቀድመን አንድ ነገር እንያዝ። የቀረው ሁሉ ከእሱ ነው የሚመጣው። በሊንክ ውስጥ ከ`#` ምልክት በኋላ ያለው ጽሑፍ ወደ ሰርቨሩ አይሄድም። ብራውዘሩ ከ`#` በፊት ያለውን ብቻ ልኮ ፋይሉን ያስመጣል። የቀረውን ለራሱ ያስቀረዋል። ፋይሉ ከመጣለት በኋላ ነው «የት ላይ ልክፈተው?» ብሎ የሚያየው። ስለዚህ ፋይሉን ያስቀመጠው መሥሪያ ቤት ምንም እንዲያደርግልሽ አያስፈልግም። በሌላ በኩል ግን ሊንኩ መሥራት አለመሥራቱ የሚወሰነው በሚከፍተው ሰው ስልክ ነው። ባሕር ዳር ቢሮሽ ኮምፒውተር ላይ የሠራው ሊንክ ቁንዝላ ወይም ደልጊ ያለ ሰው ስልክ ላይ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው።

ፒዲኤፉ፦ ስድስተኛው ገጽ የትኛው ነው?

ቅርጹ ይህ ነው። አድራሻው ለምሳሌ ያህል ነው፤ በቦታው እውነተኛውን ታስገቢያለሽ።

```
https://example.org/awaj-315-1995.pdf#page=6
```

`page` በትንንሽ ፊደል ይጻፋል። በእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ክፍተት አይገባም። ቁጥሩም በተለመደው አኃዝ ነው የሚጻፈው፤ ፮ ብለሽ ብትጽፊው ብራውዘሩ ቁጥር ነው ብሎ አይቀበለውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁጥሩን ከየት እንደሚያመጣ ነው። ብራውዘሩ የሚቆጥረው በወረቀቱ ላይ የታተመውን ቁጥር አይደለም። ፋይሉ ውስጥ ያሉትን ገጾች ከአንድ ጀምሮ በተራ ይቆጥራል። ሽፋኑ አንድ ነው። ከሽፋኑ ጀርባ ያለው ባዶ ገጽ ሁለት ነው። ማውጫውም ይቆጠራል። ስለዚህ በአንድ ተራ መጽሐፍ ውስጥ ከታች «25» የተባለው ገጽ በፋይሉ 33ኛ ሊሆን ይችላል።

የአንቺ ጉዳይ ላይ ይህ የባሰ ይታያል፤ ምክንያቱም አዋጅ ነው የምትልኪው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ነው። ነጋሪት ጋዜጣ ደግሞ የገጽ ቁጥሩን በእያንዳንዱ አዋጅ ከአንድ አይጀምርም። ከአንዱ እትም ወደ ሌላው እየቀጠለ ነው የሚሄደው። በዚህ የተነሳ ጥቂት ገጽ ብቻ ያለው አዋጅ የመጀመሪያው ገጹ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ቁጥር ይዞ ይገኛል። ያንን ቁጥር አይተሽ `#page=` ላይ ብትጽፊው ፋይሉ ውስጥ እንዲህ የሚባል ገጽ የለም። ሊንኩም አንቀጹ ጋ አያደርስም። እኔ እንደሚመስለኝ «እምቢ አለኝ» ካልሻቸው ውስጥ አንዱ ይኸው ነው።

ትክክለኛውን ቁጥር ማግኘቱ ቀላል ነው። ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ በክሮም ወይም በፋየርፎክስ ክፈቺው። የምትፈልጊው አንቀጽ እስኪመጣ ውረጂ። ከላይ ባለው አሞሌ ላይ አሁን ያለሽበት ገጽና የጠቅላላው ብዛት ይታያል። ቁጥሩን ከዚያ ውሰጂ። አንዳንድ ፋይል የታተመውንም ቁጥር በውስጡ ይዞ ይመጣል። ያን ጊዜ ፋየርፎክስ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያሳይሻል፤ ለሊንኩ የሚያገለግልሽ ተራ ቁጥሩ ነው። ከተጠራጠርሽ በግራ በኩል የገጾቹን ትንንሽ ምስሎች አውጪና ከላይ ጀምረሽ ቁጠሪ።

አንቀጹ ከገጹ ግርጌ ጀምሮ ወደሚቀጥለው የሚሻገር ከሆነ የሚጀምርበትን ገጽ ነው የምትሰጪው። እንደምታውቂው ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን በሁለት ዓምድ ጎን ለጎን ያወጣል። በትንሽ ስክሪን ላይ ፊደሉ ስለሚደቅ ማጉያ መጨመር ትችያለሽ።

```
https://example.org/awaj-315-1995.pdf#page=6&zoom=150
```

150 ማለት መቶ ሃምሳ በመቶ ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቂ፦ መጀመሪያ `page`፣ ቀጥሎ `zoom`። ትእዛዞቹ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚነበቡት። በመካከላቸው `&` ይገባል፤ `#` ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚጻፈው።

ስትሞክሪው ሁልጊዜ በአዲስ ታብ ሞክሪ። ፒዲኤፉ ተከፍቶ እያለ ከላይ ቁጥሩን ብቻ ቀይረሽ ኢንተር ብትይ ገጹ ባለበት ሊቀር ይችላል። ያኔ ሊንኩ ተበላሽቷል ብለሽ ትደመድሚያለሽ።

ለምን በስልክ አይሠራም?

`#page=` የሚሠራው ብራውዘሩ ራሱ ፒዲኤፉን ሲከፍተው ብቻ ነው። ኮምፒውተር ላይ ክሮም፣ ኤጅና ፋየርፎክስ የራሳቸው ማንበቢያ ስላላቸው ችግር የለም። ብዙ አንድሮይድ ስልክ ላይ ግን ክሮም ፒዲኤፉን ያወርደውና ለሌላ አፕ ይሰጠዋል። የሚተላለፈው ፋይሉ ብቻ ነው፤ ከ`#` በኋላ ያለው ትእዛዝ መንገድ ላይ ይቀራል። አፑም ገጽ ስድስት እንደተፈለገ የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው ከገጽ አንድ ይጀምራል። አይፎን ላይም በገጽ ቁጥሩ አትተማመኚ።

ተመሳሳይ ነገር ኮምፒውተር ላይም ያጋጥማል። አንዳንድ ሰርቨር ፋይሉን ሲልክ «ይህ የሚወርድ ነው፣ እዚሁ አትክፈተው» የሚል መመሪያ አብሮ ይልካል። ይህን ለመለየት ሊንኩን ስትጫኚ የሚሆነውን ማየት በቂ ነው። ገጽ ሳይከፈት ፋይል ብቻ ከወረደልሽ የገጽ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። ከዚያ አድራሻ ላይ አንቺ የምታስተካክዪው ነገር የለም።

ጉግል ድራይቭ ላይ ያስቀመጥሽው ፒዲኤፍም አይታዘዝልሽም። እዚያ የሚከፈተው የጉግል ማሳያ ገጽ ነው። በቴሌግራም በቀጥታ የተላከ ፋይልም ያው ነው፤ ፋይል እንጂ አድራሻ ስላልሆነ `#` የሚለጠፍበት ቦታ የለውም።

ታዲያ የአስጋሪዎቹ ስልክ አብዛኛው አንድሮይድ ከሆነ ምን ይሻላል? የእኔ ምክር ሊንኩን አትተዪው፣ ግን ብቻውን አትላኪው ነው። የሚፈለጉትን ገጾች ለብቻ ቆርጠሽ በትንሽ ፋይል አብረሽ ላኪ። ኮምፒውተርሽ ላይ `qpdf` የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ካለ በአንድ መስመር ያልቃል።

```
qpdf awaj.pdf --pages . 6-7 -- angets.pdf
```

ይህ ከ`awaj.pdf` ውስጥ ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ገጽ አውጥቶ `angets.pdf` በሚል ስም ያስቀምጥልሻል። ዋናው ፋይል አይነካም። ፕሮግራሙ ከሌለሽ ፋይሉን በክሮም ከፍተሽ የህትመት መስኮቱ ውስጥ ገጾቹን 6-7 ብለሽ መርጠሽ እንደ ፒዲኤፍ አስቀምጪው። ሕግ ስለሆነ ግን የተቆረጠው ገጽ ዋናውን እንዳይተካ የሙሉው አዋጅ ሊንክ ከጎኑ ይቀመጥ። አንድ አንቀጽ ብቻውን ሲነበብ ከፊቱ ያለው የትርጓሜ አንቀጽ ይቀርበታል። አስጋሪውም «ይህ እኔን ይመለከታል ወይ?» ለሚለው መልስ ያጣል።

የተቆረጠው ፋይል ሌላም ጥቅም አለው። በስካን የተሠራ አዋጅ ብዙ ጊዜ ከባድ ነው። `#page=6` ማለት ገጽ ስድስትን ብቻ አምጣ ማለት አይደለም። ፋይሉ እንዲወርድ የሚጠበቀው እንደተጠበቀ ነው። ኔትወርኩ ቀጭን በሆነበት የሐይቁ ዳርቻ ይህ ልዩነት ይሰማል።

ፒዲኤፍ ውስጥ ቃል ማድመቅስ?

ፋየርፎክስ ከገጽ ቁጥሩ በተጨማሪ የፍለጋ ቃል ይቀበላል። `#page=6&search=መረብ` ብትዪው ቃሉን ፈልጎ ያደምቀዋል። ሌላው ብራውዘር ግን ያንኑ ያደርጋል ብለሽ አታስቢ። ስለዚህ ለግሩፕ በሚላክ ሊንክ ላይ አልመክረውም።

ከብራውዘሩም በላይ የከፋው ችግር ፋይሉ ነው። ብዙ የአማርኛ ፒዲኤፍ ውስጥ የምናየው ፊደል በእርግጥ ፊደል አይደለም። ስካን ከሆነ ፎቶ ነው፤ የሚፈለግ ቃል በውስጡ የለም። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ለዓይን አማርኛ ይምሰል እንጂ ከስር ያለው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ለማወቅ አንድ መስመር ኮፒ አድርጊና ኖትፓድ ላይ ፔስት አድርጊው። አማርኛው እንዳለ ከመጣ ፋይሉ ይፈለጋል። የተመሰቃቀለ ምልክት ከመጣ ወይም ጭራሽ መምረጥ ካልቻልሽ በዚያ ፋይል ላይ ያለሽ መንገድ የገጽ ቁጥር ብቻ ነው።

ድረ ገጹ፦ ዓረፍተ ነገሩን ራሱን አድራሻ ማድረግ

እዚህ ጋ ደስ የሚለው ክፍል ይመጣል። ለድረ ገጽ የሚያገለግለው ቅርጽ ይህ ነው።

```
https://example.org/tana#:~:text=በክረምት%20ወራት
```

ከ`#` ቀጥሎ ያሉት ሦስት ምልክቶች `:~:` ናቸው፤ ሳይጎድሉና ሳይቀያየሩ መጻፍ አለባቸው። ከዚያ `text=` ይመጣል፤ ቀጥሎ ገጹ ላይ ያሉት ቃላት። በቃላቱ መካከል ክፍተት ስለማይፈቀድ `%20` ገብቷል። በባዶ ክፍተት ብትተዪው ቴሌግራም ሊንኩን እዚያው ይቆርጠዋል። ብራውዘሩ ገጹን ከፍቶ ቃላቱን ይፈልጋል፣ ወደዚያ ይወርዳል፣ ያደምቃቸዋል።

ክሮም ይህን የጀመረው በ2020 ከ80ኛው እትሙ ነው። ሳፋሪ በ2022 በ16.1፣ ፋየርፎክስ ደግሞ በ2024 በ131 ተከተሉ። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ያልታደሰ ፋየርፎክስ ያለው ሰው ድምቀቱን አያይም። ገጹ ግን ይከፈትለታል። ደንቡ የተጻፈው ለድረ ገጽና ለተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሆነ ፒዲኤፍ ላይ አትተማመኚበት።

በምሳሌ እንየው። አንድ ገጽ ላይ እንዲህ የሚል አለ እንበል፦

«የጣና ሐይቅ ዓሣ በክረምት ወራት ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ይወጣል። በዚህ ጊዜ በወንዞቹ አፍ መረብ መጣል የዓሣውን ዘር ያጠፋል።»

ሁለቱንም ዓረፍተ ነገር ማድመቅ ፈለግሽ። ሙሉውን መጻፍ አያስፈልግሽም። የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን ቃላት በኮማ ለይተሽ ትሰጪዋለሽ።

```
https://example.org/tana#:~:text=የጣና%20ሐይቅ,ዘር%20ያጠፋል
```

ብራውዘሩ መጀመሪያ «የጣና ሐይቅ»ን ያገኛል፤ ከዚያ ወዲህ «ዘር ያጠፋል»ን ይፈልግና በመካከል ያለውን ሁሉ ያደምቃል። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች በተለያየ አንቀጽ ውስጥ ቢሆኑ እንኳን ይሠራል። ያለ ኮማ በአንድ ወጥ የጻፍሽው ሐረግ ግን ከአንድ አንቀጽ ወደ ሌላው አይሻገርም። የመጨረሻዎቹ ቃላት ካልተገኙ ምንም አይደምቅም፤ መጀመሪያው ብቻ በግማሽ አይደምቅልሽም።

አሁን ደግሞ «መረብ መጣል» የሚለው ሐረግ ገጹ ላይ በሦስት ቦታ አለ እንበል። ብራውዘሩ የሚይዘው የመጀመሪያውን ነው። አንቺ የፈለግሽው የወንዙን አፍ የሚመለከተውን ከሆነ ከፊቱ ያሉትን ቃላት እንደ ምልክት ታክያለሽ።

```
https://example.org/tana#:~:text=በወንዞቹ%20አፍ-,መረብ%20መጣል
```

ሰረዝና ኮማ የተከተላቸው ቃላት አይደምቁም። «ከእነዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው» ለማለት ብቻ ናቸው። ሰረዝና ኮማ እንዲህ የራሳቸው ሥራ ስላላቸው በምትጠቅሺው ጽሑፍ ውስጥ ካሉ በኮድ መለወጥ አለባቸው። ኮማ `%2C`፣ ሰረዝ `%2D`፣ `&` ደግሞ `%26` ይሆናል። ገጹ ላይ «1,800 ሜትር» የሚል ካለ `1%2C800%20ሜትር` ብለሽ ነው የምትጽፊው።

ይህን ሁሉ በእጅ መጻፍ ግድ አይደለም። ክሮም ላይ ጽሑፉን መርጠሽ በቀኝ ብትጫኚ `Copy link to highlight` የሚል ታገኛለሽ። እሱ ራሱ አበጅቶ ይሰጥሻል። ቅርጹን ማወቁ የሚጠቅምሽ የሰጠሽ ሊንክ ሲበላሽ የት እንደተበላሸ ለማየት ነው።

አማርኛ ላይ የሚሰናከልባቸው ቦታዎች

እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢ። ስለዚህ ዘዴ የሚጻፈው አብዛኛው ማብራሪያ ለእንግሊዝኛ ነው፤ የእኛን ፊደል ጣጣ አያነሳም።

የመጀመሪያው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። ለእኛ ዓሣ፣ ዓሳ፣ አሣ፣ አሳ ሁሉም አንድ ናቸው። ለብራውዘሩ ግን አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ሐይቅ» ተብሎ የተጻፈን «ሀይቅ» ብለሽ ብትፈልጊ አያገኘውም። ባሕር ዳርና ባህር ዳርም እንደዚሁ። ስለዚህ ቃሉን ከአእምሮሽ አትጻፊው። ከገጹ ላይ ኮፒ አድርጊው። የገጹ ጸሐፊ ፊደል ተሳስቶ ቢሆን እንኳን ስህተቱን እንዳለ ነው የምትወስጂው።

ሁለተኛው የቃል ዳር ነው። ይህ ዘዴ ሙሉ ቃል ነው የሚፈልገው፤ የቃል ቁራጭ አይቀበልም። በምሳሌያችን ላይ `text=ጣና` ብትዪ አይሠራም፤ ገጹ ላይ ያለው «የጣና» ነው። `text=ወንዞቹ` ብትዪም አይሠራም፤ «በወንዞቹ» ነው የተጻፈው። አማርኛ ደግሞ የ፣ በ፣ ለ፣ ከ፣ ና፣ ን እያለ ከቃሉ ጋር ስለሚያጣብቅ ይህ በየዓረፍተ ነገሩ ይገጥምሻል። እንግሊዝኛ ላይ እነዚህ አብዛኞቹ ለብቻቸው የቆሙ ቃላት ስለሆኑ ችግሩ ጎልቶ አይታይም።

እነዚህን ሁለቱን ለመለየት የምጠቀምበትን መንገድ ልንገርሽ። ገጹን ክፈቺና በ`Ctrl+F` ያንኑ ቃል ፈልጊ። `Ctrl+F` የቃል ቁራጭም ያገኛል። እሱ አግኝቶት ሊንኩ ካላገኘው ብዙ ጊዜ ችግሩ የቃል ዳር ነው፤ የቀረውን ፊደል ጨምሪ። `Ctrl+F`ም ካላገኘው ፊደሉ ወይም ክፍተቱ ተለያይቷል፤ እንደገና ኮፒ አድርጊ። በዓይንሽ እያየሽው መምረጥ ካልቻልሽ ደግሞ ምስል ነው።

ሦስተኛው ሥርዓተ ነጥብ ነው። አራት ነጥብ ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ነው። ብዙ ድረ ገጽ ላይ ግን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት ነው የሚጻፈው። ለዓይን ይመሳሰላሉ፤ ለብራውዘሩ ግን አንዱ ሌላውን አይተካም። አንዳንድ ገጽ ላይ ደግሞ በቃላቱ መካከል ከክፍተት ይልቅ ሁለት ነጥብ ያስገባሉ። ያኔ `%20` አይገጥምም። የእኔ ልማድ ነጥብ ያለበትን ቦታ ጭራሽ መሸሽ ነው። ሐረጉን ከነጥቡ በፊት እጨርሳለሁ። ሰፋ ያለ ቦታ ማድመቅ ከፈለግሁ በኮማ የሚሠራውን የመጀመሪያና የመጨረሻ ቅርጽ እጠቀማለሁ። ያኔ በመካከል ያለው ነጥብ ምንም ይሁን ምን አይመለከተኝም።

አራተኛው የሊንኩ ርዝመት ነው። ብራውዘሩ ሊንኩን ኮፒ ስታደርጊው የአማርኛውን ፊደል ወደ ኮድ ይለውጠዋል። እያንዳንዱ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። «ዓሣ» የሚለው ብቻውን ይህን ያህላል፦

```
%E1%8B%93%E1%88%A3
```

ስታዪው ያስፈራል እንጂ አልተበላሸም። እንዲያውም በመልእክት ውስጥ ለመላክ ከጥሬው ፊደል የሚሻለው ይኸኛው ነው፤ አፑ ሊንኩ የት እንደሚያልቅ አይሳሳትም። ከሊንኩ ኋላ ክፍተት ሳትተዪ አራት ነጥብ አታስገቢ፤ ነጥቡ ከሊንኩ ጋር ሊጠቀለል ይችላል። ግማሽ ገጽ የሚሞላ ኮድ ግሩፕ ላይ መጣል ካስጠላሽ ደግሞ ቴሌግራም ላይ የጻፍሽውን ቃል መርጠሽ ሊንኩን ከጀርባው ማስገባት ትችያለሽ። ሰዎቹ የሚያዩት «ስለ መራቢያ ወቅት» የሚለውን ብቻ ይሆናል።

ሁሉም ትክክል ሆኖ እምቢ የሚልበት ጊዜም አለ። ቴሌግራም ሊንኩን በራሱ ውስጥ በሚከፍተው መስኮት ሲያሳይ ድምቀቱ ላይመጣ ይችላል። ያንኑ ገጽ በክሮም ክፈቺውና አወዳድሪ። በክሮም ከደመቀ ሊንክሽ ደህና ነው። ጽሑፉ ወደ ታች ሲወረድ ብቻ የሚመጣ ከሆነም ብራውዘሩ ሲፈልገው ገና ስላልመጣ አያገኘውም። ጥቂት ድረ ገጾች ደግሞ «ሁልጊዜ ከላይ ክፈት» የሚል መመሪያ ይሰጣሉ። እነሱን በሊንክ ማስገደድ አይቻልም።

ገጹ ነገ ቢስተካከልና ቃሉ ቢለወጥ ድምቀቱ ይጠፋል። ለዚህ አንድ መጠባበቂያ አለ። ገጹ በየርዕሱ የራሱ መያዣ፣ ማለትም ከ`#` በኋላ የሚጻፍ የርዕሱ መለያ ስም ካለው ሁለቱን ማጣመር ይቻላል።

```
https://example.org/tana#mewelad:~:text=በክረምት%20ወራት
```

ቃላቱ ከተገኙ ይደምቃሉ። ካልተገኙ ቢያንስ `mewelad` የተባለው ርዕስ ጋ ይከፈታል። መያዣው መኖሩን ለማወቅ የገጹን ማውጫ ተጫኚ፤ ከላይ አድራሻው ላይ `#` ብቅ ካለ አለ ማለት ነው።

እንግዲህ ለግሩፑ ስትልኪ መልእክቱን እንዲህ አድርጊው። የምትጠቅሺውን ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር በራስሽ ቃል ጻፊ። ከስሩ «አዋጅ ቁጥር 315/1995፣ አንቀጽ ይህን ያህል፣ በፋይሉ ስድስተኛ ገጽ» በይ። ሊንኩን ቀጥሎ ለብቻው መስመር ላይ አስቀምጪ። የተቆረጡትን ሁለት ገጾች በፋይል አያይዢ። ሊንኩ ያልታዘዘለት ሰው አንቀጹንና ገጹን ስለሚያውቅ በእጁ ወርዶ ያገኘዋል። ከመላክሽ በፊት ግን ሊንኩን ከኮምፒውተርሽ ውጭ በአንድ ሰው አንድሮይድ ስልክ፣ ከራሱ ከቴሌግራም ውስጥ ተጭነሽ እዪው። እዚያም እምቢ ካለሽ ሊንኩን እንዳለ፣ የስልኩን ዓይነትና የከፈተውን አፕ ስም ጨምረሽ ላኪልኝ፤ የት ላይ እንደቆመ አብረን እናየዋለን።